ድንበር ተሻጋሪ ትእዛዝ፦ የማስረከቢያና የመመለሻ ውል አጻጻፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ የእጅ ሥራ ድርጅት ምርቱን በድረ ገጽ አማካይነት ለውጭ አገር ገዢ መሸጥ ሲጀምር፣ ሥርዓቱን የሚያቋቁሙት መሐንዲሶች ብዙ የሚደክሙት በክፍያው አሠራር፣ በዕቃዎቹ ዝርዝርና በሥዕሎቹ ጥራት ላይ ነው። ስለ ዕቃ መላክና መመለስ የሚናገረው ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን ከሌላ ድርጅት ገጽ ተገልብጦ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ በሻጭና በገዢ መካከል ያለው ውል የሚገኘው በዚሁ በተናቀው ክፍል ውስጥ ነው። ገንዘብ የሚጠፋውም እዚያው ነው።

ነገሩ በአንድ ምሳሌ ቢታይ ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የቆዳ ቦርሳ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። የአንዱ ቦርሳ ዋጋ 120 ዩሮ፣ እስከ ጀርመን አገር ድረስ የመላኪያው ዋጋ 35 ዩሮ ነው። በገጹ ላይ የተጻፈው ቃል ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ትእዛዞች ከ5 እስከ 7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይደርሳሉ። ቀረጥና ታክስ ሊጠየቅ ይችላል። ዕቃ በ14 ቀናት ውስጥ መመለስ ይቻላል።»

በጃንዋሪ ወር 2026 (እ.ኤ.አ.) ፍራንክፈርት የምትኖር አንዲት ገዢ ይህን አንብባ 155 ዩሮ ከፈለች። ዕቃው በሰባተኛው ቀን አልደረሰም። በዐሥራ አንደኛው ቀን የዕቃ አመላላሹ ሠራተኛ በሯን አንኳኩቶ ተጨማሪ 44 ዩሮ ከ45 ሳንቲም ጠየቃት። ሴትዮዋ የተታለለች መሰላት፤ ዕቃውን አልቀበልም አለች፤ በዚያው ቀንም ግዢውን መሰረዟን ለድርጅቱ በጽሑፍ አስታወቀች። ድርጅቱ 155 ዩሮውን መልሶ ከፈለ። ሲላክ የወጣው 35 ዩሮ ቀረ፤ አመላላሹ ለመመለሻው 40 ዩሮ ጨምሮ አስከፈለ። በ120 ዩሮ ይሸጣል የተባለው ቦርሳ 75 ዩሮ በልቶ ተመለሰ፤ እሱም ቢሆን ገና ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያጭበረበረ ሰው የለም። ቦርሳው ጥሩ ነው፤ አመላላሹም ሥራውን ሠርቷል። ጥፋቱ የሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች ነው። «ይደርሳሉ» ሲል ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር አይናገርም። «ሊጠየቅ ይችላል» ሲል ማን እንደሚጠየቅ፣ ስንት እንደሚጠየቅ አይናገርም። «መመለስ ይቻላል» ሲል በማን ወጪ እንደሆነ አይናገርም። ቋንቋችን አድራጊውን ደብቆ ድርጊቱን ብቻ ለመናገር ምቹ ነው፤ «ይከፈላል» ማለት «ገዢው ይከፍላል» ከማለት ይቀላል። ለውል ግን ይህ ምቾት ጠላት ነው። ስለዚህ ክፍሉን የሚጽፍ ሰው በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ሦስት ጥያቄ ሊያቀርብ ይገባዋል፦ ማን? ስንት? ከመቼ ጀምሮ? ሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች በዚህ መመዘኛ በየተራ ይታያሉ።

፩. ስለ ቀረጥና ታክስ

ከሁሉ አስቀድሞ 44 ዩሮ ከ45 ሳንቲሙ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ማንኛውም የንግድ ዕቃ ላይ፣ ዋጋው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። የጀርመን መደበኛ ልክ 19 በመቶ ነው። የሚታሰበውም በቦርሳው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የመላኪያው ዋጋ ተደምሮበት ነው። የ155 ዩሮ 19 በመቶ 29 ዩሮ ከ45 ሳንቲም ይሆናል። ቀሪው 15 ዩሮ አመላላሹ ታክሱን በገዢው ስም አስቀድሞ ስለከፈለ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ነው። የዚህ የአገልግሎት ዋጋ መጠን ከአመላላሽ አመላላሽ ይለያያል፤ ስለዚህ ድርጅቱ ከራሱ አመላላሽ ጠይቆ ቁጥሩን በገጹ ላይ ማስፈር አለበት።

ቀረጥ ደግሞ ከታክስ የተለየ ነገር ነው። በምሳሌው ጊዜ በነበረው ደንብ የአንድ መልእክት ዕቃ ዋጋ ከ150 ዩሮ ካልበለጠ ቀረጥ አይጠየቅበትም ነበር። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ጉዳይ አለ። ለ150 ዩሮው ልክ የሚታየው የዕቃው የራሱ ዋጋ ነው፤ የመላኪያው ዋጋ አይጨመርበትም፤ ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ በፋክቱሩ ላይ ተለያይተው ከተጻፉ ነው። ድርጅቱ ገዢን ለመሳብ ብሎ «መላኪያ በነጻ» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ቦርሳውን በ155 ዩሮ ቢሸጥና ፋክቱሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ቢጽፍ፣ ያው ቦርሳ፣ ያው ገንዘብ ሆኖ ሳለ ከልኩ በላይ ይሆናል። ለማስታወቂያ ተብሎ የተደረገው ውሳኔ የጉምሩክን ውጤት ለወጠ ማለት ነው። ፋክቱሩን የሚያትመውን ሥርዓት የሚሠራው መሐንዲስ ይህን ካላወቀ ሌላ ማንም ሊያውቅለት አይችልም።

ታክሱን ገዢው በሩ ላይ እንዳይጠየቅ ማድረግ የሚፈልግ ሻጭ መንገድ አለው። ይኸውም አይ.ኦ.ኤስ.ኤስ. ተብሎ የሚጠራው የኅብረቱ ምዝገባ ነው። የተመዘገበ ሻጭ ታክሱን በሽያጩ ጊዜ ከዋጋው ጋር ይቀበላል፤ በየወሩም ያስገባል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ይህን የሚያደርገው በኅብረቱ አገር ውስጥ የተቋቋመ ወኪል አቁሞ ነው፤ ወኪሉም ያስከፍላል። በዓመት ጥቂት ቦርሳ ብቻ ለሚሸጥ ድርጅት ወጪው ከጥቅሙ ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድሞ ማስላት ያሻል። ምዝገባው የሚያገለግለውም የመልእክቱ ዋጋ ከ150 ዩሮ ካልበለጠ ብቻ ነው።

ይህ መንገድ የራሱ ብልሽት አለው። የምዝገባው ቁጥር ለጉምሩክ መድረስ ያለበት አመላላሹ አስቀድሞ በሚልከው የኤሌክትሮኒክ መረጃ ውስጥ ነው። ቁጥሩ እዚያ ካልገባ ጉምሩክ ታክሱ እንዳልተከፈለ ይቆጥርና ገዢው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ብልሽቱ የሚታወቀው ገዢው ከአመላላሹ በሚቀበለው ደረሰኝ ላይ ታክሱ በድጋሚ ተጽፎ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ገጹ «በሽያጩ ጊዜ የጀርመንን ታክስ ከፍለዋል፤ አመላላሹ በድጋሚ ከጠየቀዎት ደረሰኙን ይላኩልን» የሚል ዐረፍተ ነገር ያስፈልገዋል።

ገዢው ሁለት ቦርሳ ቢያዝስ? የዕቃው ዋጋ 240 ዩሮ ይሆናል፤ ምዝገባው አያገለግልም፤ ቀረጥም ይመጣል። ልኩ የሚታየው በአንዱ ዕቃ ሳይሆን በጠቅላላው መልእክት ላይ ነውና፣ ገጹ ሒሳቡን ማሳየት ያለበት ትእዛዙ ሲጠናቀቅ እንጂ በእያንዳንዱ ቦርሳ ሥር አይደለም። ለቆዳ የእጅ ቦርሳ የኅብረቱ መደበኛ ቀረጥ 3 በመቶ ነው፤ ለ240 ዩሮ ከ7 ዩሮ በላይ ይሆናል፤ በቀረጡም ላይ ደግሞ ታክስ ይታሰባል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ኅብረቱ ለታዳጊ አገሮች ከፈቀደው ከቀረጥ ነጻ መብት ተጠቃሚ ናት። ቦርሳው በእርግጥ በኢትዮጵያ ተሠርቶ ከሆነ፣ የመልእክቱም ዋጋ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ፣ ላኪው በፋክቱሩ ላይ በደንቡ ቃል የተጻፈ የመነሻ አገር መግለጫ ቢያሰፍር ቀረጡ ዜሮ ይሆናል። መግለጫው ካልተጻፈ ግን ማንም ስለ ላኪው አስቦ ቀረጡን አይቀንስለትም። ከሌላ አገር መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ስም ብቻ የተለጠፈበት ቦርሳም በዚህ መብት አይጠቀምም።

ደንብ እንደሚለወጥም መርሳት አይገባም። የኅብረቱ የገንዘብ ሚኒስትሮች በ2025 መጨረሻ ላይ ባደረጉት ስምምነት፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ150 ዩሮ በታች በሆኑ ጥቃቅን መልእክቶች ላይ በየዕቃው ዓይነት 3 ዩሮ ቀረጥ እንዲታሰብ ወስነዋል። በአሜሪካም እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ መልእክት ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው ፈቃድ ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር ተቋርጧል። «እስከ 800 ዶላር ቀረጥ የለም» የሚል ቃል በገጻቸው ላይ የነበረ ሻጮች ሁሉ በዚያች ቀን ሳያውቁት ሐሰት ጸሐፊዎች ሆኑ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ክፍሉ በየአገሩ ተለይቶ ይጻፍ፤ በእያንዳንዱም ሥር የተረጋገጠበት ቀን ይቀመጥ።

፪. ስለ ማስረከቢያ ጊዜ

«ከ5 እስከ 7 የሥራ ቀናት» የሚለው ቃል ሁለት ጥያቄ ያስነሣል። የሥራ ቀኑ የማን ነው? ቆጠራውስ ከመቼ ይጀምራል?

ገዢዋ ያዘዘችው ዓርብ ጃንዋሪ 2 ቀን 2026 በፍራንክፈርት አቆጣጠር ከምሽቱ 18 ሰዓት ላይ ነው። በአውሮፓ የብርድ ወራት አዲስ አበባ ከጀርመን በሁለት ሰዓት ትቀድማለች፤ በበጋቸው ጊዜ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር፤ የሥራ ቤቱ ተዘግቷል። ድርጅቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራል፤ ቦርሳውን ለማዘጋጀትም 3 የሥራ ቀን ያስፈልገዋል። ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት፤ ረቡዕ ጃንዋሪ 7 ቀን ግን ታኅሣሥ 29፣ የገና በዓል ነው። ሦስተኛው የሥራ ቀን ሐሙስ ይሆናል። ገዢዋ የራሷን አገር የሥራ ቀን ቆጥራ ረቡዕ ዕቃው መንገድ ጀምሯል ስትል፣ በአዲስ አበባ ገና ዶሮ ወጥ እየተበላ ነበር። በሌላ ወገን በዲሴምበር 25 እና 26 ጀርመን ዝግ ስትሆን አዲስ አበባ ትሠራለች። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው የማን የሥራ ቀን እንደሆነ ያልተናገረው ገጽ ነው።

ስለዚህ ጊዜው በሦስት ተከፍሎ መጻፍ አለበት፦ የማዘጋጃ ጊዜ፣ የጉዞ ጊዜ፣ የጉምሩክ ጊዜ። የመጀመሪያው በሻጩ እጅ ነው፤ ሊምልበት ይችላል። ሁለተኛው በአመላላሹ እጅ ነው። ሦስተኛው በማንም እጅ አይደለም። ሦስቱን በአንድ ቁጥር የሚያደባልቅ ሻጭ በእጁ ስላልሆነው ነገር ቃል ገብቷል ማለት ነው።

ቁጥሩስ ከየት ይመጣል? ከአመላላሹ ማስታወቂያ ሳይሆን ከድርጅቱ መዝገብ ሊመጣ ይገባዋል። ድርጅቱ ወደ ጀርመን የላካቸው የመጨረሻዎቹ 40 መልእክቶች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ለአመላላሹ ከተሰጠበት እስከ ደረሰበት ያለው ቀን ከትንሹ እስከ ትልቁ ይደርደር። ፈጣኑ በ5 ቀን ደርሷል፤ አማካዩ 7 ቀን ነው፤ ሠላሳ ስድስተኛው በ10 ቀን ደርሷል፤ የቀሩት አራቱ ጉምሩክ ይዟቸው ከ14 እስከ 23 ቀን ቆይተዋል። አማካዩን መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከአማካዩ የሚዘገዩት መልእክቶች ብዙ ናቸውና ብዙ ገዢዎች ይቆጣሉ። «ከ5 እስከ 10 ቀን» ብሎ መጻፍ ግን ከ10 ገዢዎች ለ9ኙ እውነት ይሆናል። ለዐሥረኛው ደግሞ ሌላ ዐረፍተ ነገር ይጻፍለታል፦ ጉምሩክ ከያዘው ምን እንደሚደረግ፣ በስንተኛው ቀን ለድርጅቱ ማስታወቅ እንዳለበት።

ሕግም በጉዳዩ ላይ ዝም አላለም። በአውሮፓ ኅብረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ሻጩ ውሉ በተደረገ በ30 ቀን ውስጥ ማስረከብ አለበት። በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽኑ ደንብ ሻጩ በገጹ በጻፈው ጊዜ ውስጥ፣ ካልጻፈ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ እንዲልክ ያዛል፤ ካልቻለም የገዢውን ፈቃድ መጠየቅ ወይም ገንዘቡን መመለስ አለበት። እንግዲህ በገጹ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነው።

፫. ስለ መመለስ

ዋጋውን በዩሮ ጽፎ፣ ወደ ጀርመን እልካለሁ ብሎ ለጀርመን ገዢዎች የሚሸጥ ድርጅት የገዢውን አገር የሸማቾች ሕግ ሊያከብር ይገባዋል። በኅብረቱ ሕግ በሩቅ የገዛ ሸማች ዕቃውን ከተረከበበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላል። መሰረዙን ካስታወቀ በኋላ ዕቃውን መልሶ ለመላክ ሌላ 14 ቀን አለው። የቀድሞው ገጽ ሁለቱን አንድ አድርጎ «በ14 ቀናት ውስጥ መመለስ» ማለቱ ገዢውን ከመብቱ ግማሹን የነፈገ ነበር።

ሻጩ የሚመልሰው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን መደበኛውን የመላኪያ ዋጋም ጭምር ነው። የመመለሻውን ወጪ ግን ገዢው ሊሸከም ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ሻጩ አስቀድሞ ካስታወቀ ብቻ ነው። ካላስታወቀ ሻጩ ይከፍላል። የመሰረዝ መብት መኖሩን ጭራሽ ያልገለጸ ሻጭ ደግሞ የበለጠ ይጎዳል፤ የገዢው ጊዜ በ12 ወር ይራዘማልና። በገዢው ጥያቄ ስሙ ተቀርጾበት የተሠራ ቦርሳ ከዚህ መብት ውጭ ነው፤ እሱም ቢሆን አስቀድሞ መነገር አለበት።

የተከፈለው ታክስ ነገር ብዙ ጠብ ያስነሣል። ሻጩ በሽያጩ ጊዜ ተቀብሎት ከሆነ ከዋጋው ጋር ይመልሳል፤ በወርሐዊ መግለጫውም ላይ ያስተካክላል። ገዢው በሩ ላይ ለአመላላሹ ከፍሎ ከሆነ ግን ገንዘቡ በሻጩ እጅ አልገባም፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለተቀበለው አገር ጉምሩክ ነው። ይህን ያልጻፈ ሻጭ ያልተቀበለውን ገንዘብ እንዲመልስ ይጠየቃል።

በመጨረሻም ቦርሳው ወደ አገሩ ሲገባ የቦሌ ጉምሩክ አለ። የወጣው ቦርሳና የተመለሰው ቦርሳ አንድ መሆናቸውን የሚያሳይ የመላኪያ ሰነድ ከሌለ፣ የራስ ምርት እንደ ባዕድ ዕቃ ተቆጥሮ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቦርሳ ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥሩ በፋክቱሩ ላይ ይስፈር፤ ገዢውም ሲመልስ በሳጥኑ ላይ «የተመለሰ ዕቃ» ብሎ የመጀመሪያውን ፋክቱር ግልባጭ እንዲያያይዝ በገጹ ይነገረው።

፬. የታረመው ጽሑፍ

ከላይ የተባለው ሁሉ ተጠቃልሎ በምዝገባው ለማይጠቀም ድርጅት ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ወደ ጀርመን የሚላኩ ትእዛዞች (በጃንዋሪ 2026 የተረጋገጠ)። ትእዛዝዎን በደረሰን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ አዘጋጅተን ለአመላላሹ እናስረክባለን፤ የምንቆጥረው የአዲስ አበባን የሥራ ቀን ነው፤ የምንዘጋባቸው በዓላት ከዚህ በታች ተዘርዝረዋል። ከዚያ በኋላ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ጉምሩክ ዕቃውን ከያዘው ሊዘገይ ይችላል፤ በ15ኛው ቀን ካልደረሰዎ ይጻፉልን፤ እኛ አመላላሹን እንጠይቃለን።

ዋጋችን የጀርመንን ታክስ አይጨምርም። ዕቃው ሲደርስ እርስዎ ለአመላላሹ የዕቃውንና የመላኪያውን ዋጋ 19 በመቶ፣ እንዲሁም 15 ዩሮ የአገልግሎት ዋጋ ይከፍላሉ። ለአንድ ባለ 120 ዩሮ ቦርሳ ይህ 44 ዩሮ ከ45 ሳንቲም ነው። የትእዛዝዎ ትክክለኛ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ይታይዎታል።

ዕቃውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝዎን ሊያስታውቁን ይችላሉ። ካስታወቁን በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሰው ይላኩ፤ የመመለሻውን ወጪ እርስዎ ይከፍላሉ። እኛ የቦርሳውን ዋጋና የመጀመሪያውን መላኪያ 35 ዩሮ እንመልሳለን። ለአመላላሹ የከፈሉትን ታክስ እኛ አልተቀበልንም፤ ጥያቄዎን ለጀርመን ጉምሩክ ያቀርባሉ። ዕቃው ተበላሽቶ ከደረሰ ግን የመመለሻውን ወጪ እኛ እንከፍላለን።»

ከቀድሞው ይረዝማል፤ ነገር ግን ማን እንደሚከፍል ሲናገር «እኛ» ወይም «እርስዎ» ይላል። ጽሑፉ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ጀርመንኛ ሲተረጎምም እነዚህ ሁለት ቃላት እንዳይጠፉ ተርጓሚው ይጠበቅ።

ሥራው መጠናቀቁ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ገጹን በንግዱ ውስጥ ለሌለ አንድ ሰው ሰጥቶ፣ ቦርሳው በእጁ እስኪገባ በጠቅላላው ስንት ዩሮ እንደሚያወጣ፣ ቢዘገይ በየትኛው ቀን እንደሚጽፍ፣ ባይወደው ስንት እንደሚቀርበት መጠየቅ ነው። ሦስቱን ያለ ስልክ ጥሪ ከመለሰ ክፍሉ ተጽፏል። የፍራንክፈርቷ ገዢ ይህን አንብባ ቢሆን ኖሮ ምናልባት 199 ዩሮ ከ45 ሳንቲም በዛብኝ ብላ ትተወው ነበር፤ ያኔ ድርጅቱ አንድ ሽያጭ ያጣል እንጂ 75 ዩሮ አይከስርም። ምናልባትም ሒሳቡን አውቃ ትገዛው ነበር፤ በሯ ሲንኳኳም ገንዘቡን ቆጥራ አዘጋጅታ ትጠብቅ ነበር።